94 ነጥብ ያገኘው ጥሪ

«ይህ ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀረጻል።» ባንክ ወይም የስልክ ድርጅት ደውሎ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አልቀረም። የተቀረጸው ድምፅ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያዳምጠው፣ ያዳመጠውስ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ብዙ አይነገርም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጥሪ ማዕከል ለሰባት ዓመት የጥራት ገምጋሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሄድፎን አድርጌ የተቀረጹ ጥሪዎችን አዳምጣለሁ፣ በቼክሊስት ነጥብ እሰጣለሁ፣ ከዚያም ጥሪውን ያስተናገደውን ኤጀንት ጎኔ አስቀምጬ እንነጋገርበታለን። በእነዚያ ዓመታት ካዳመጥኳቸው ሁሉ አንድ ጥሪ አልረሳም። 94 ነጥብ የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ደዋዩ ከደሴ የደወለ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። በሞባይል 4,500 ብር ሲልክ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ገንዘቡ ለማያውቀው ሰው ሄደበት። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሥራ ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። ሰላምታ ሰጠች፣ ስሟን ተናገረች፣ የደዋዩን ማንነት በሦስት ጥያቄ አጣራች፣ በአክብሮት አነጋገረችው፣ ለገጠመው ችግር ይቅርታ ጠየቀች፣ ቅሬታውን መዘገበች፣ የቲኬት ቁጥር ሰጠችው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ ነገረችው፣ ሌላ የምትረዳው ነገር ካለ ጠየቀች፣ አመስግና ተሰናበተች። ጥሪው 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ፈጀ። የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሀል ላይ 48 ሴኮንድ ያህል «ይጠብቁኝ» ሳትል ዝም አለች። ለዚያ 6 ነጥብ ቀነስኩ። የቀረው ሁሉ ሙሉ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ በአጭር ጊዜ ደጋግመው የደወሉ ደንበኞች ዝርዝር ሲወጣ ያ ስልክ ቁጥር አራት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት። ሰውየው ከዚያ ጥሪ በኋላ ሦስት ጊዜ ደውሏል። በመጨረሻው ጥሪ ድምፁ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም። አይቆጣም፣ አይጮኽም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንደሚናገረው በቀስታ ነው የሚናገረው። በቼክሊስቱ ላይ 94 ያገኘ አገልግሎት ለደንበኛው ምንም እንዳልሠራለት ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቼክሊስቱ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። የእኛው 14 መስመር ነበረው፤ ድምሩ 100 ነው። ጥቂቱ መስመር ስለ ንግግር ሥርዓት ነው፦ ሰላምታ፣ የድምፅ ቃና፣ አለማቋረጥ፣ ስንብት። ጥቂቱ ስለ ሥራው ይዘት ነው፦ ችግሩን መረዳት፣ ትክክለኛ መረጃ መስጠት፣ መመዝገብ። ከእነዚህ ለየት የሚሉ ሁለት መስመሮችም አሉ። እነሱ ላይ የተሳሳተ ሌላው ሁሉ ቢያምር ጥሪው ዜሮ ይሆናል። አንደኛው የደዋዩን ማንነት ሳያጣሩ ስለ ሂሳቡ መናገር ነው። ሁለተኛው የሚስጥር ቁጥር መጠየቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ከሚመስለው ይከብዳል፤ ብዙ ደንበኛ ሳይጠየቅ ራሱ «ሚስጥር ቁጥሬማ…» ብሎ ይጀምራል። ኤጀንቷ እዚያው ማስቆም አለባት፤ ካላስቆመች ቁጥሩ በቅጂው ላይ ይቀራል፣ እኔም እሰማዋለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚያዳምጠውም ይሰማዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ቅጂ አያያዝ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ወደ ደሴው ጥሪ ልመለስ። ሁለተኛ ሳዳምጠው ቼክሊስቱን ከፊቴ አነሳሁት። እስክሪብቶም አልያዝኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሰማሁ፦ ይህ ሰው የደወለው ምን ፈልጎ ነው? መልሱ ከጥሪው 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። «የላኩት አሁን ነው፣ አሥር ደቂቃ አይሆነውም። የሰውየው ስልክ ዝግ ነው። ሳያወጣው ያዙልኝ።»

ሰውየው የፈለገው ቅሬታው እንዲመዘገብለት አልነበረም፤ ገንዘቡ ሳይወጣ እንዲያዝለት ነበር። በዚያ ተቋም አሠራር ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ በስህተት የተላከ ገንዘብ ገና በተቀባዩ ሂሳብ ውስጥ ካለ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ይታገዳል። ይህን የሚያደርግ ለብቻው የተቀመጠ ቡድን አለ፤ ጥያቄው በትክክለኛው ዘርፍ ከተመዘገበ በዚያው ሰዓት ያየዋል። በሌላ ዘርፍ ከተመዘገበ ግን ከሌላው ቅሬታ ጋር ወረፋ ይይዛል። 72 ሰዓት የተባለው የዚህ የሌላው ወረፋ ነው። ልጅቷ ያንን ሰዓት ስትናገር በየትኛው ዘርፍ እንደመዘገበችው ከአፏ ወጥቷል፤ እኔ ግን ለ«የመልስ ጊዜ ተናግራለች» ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አልፌዋለሁ።

ከሰውየው መልስም የሚሰማ ነበር። 72 ሰዓት ስትለው «እሺ… እሺ እንግዲህ» አለ። አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ ይህን እንደ ስምምነት አይወስደውም። «እሺ» የተስማማ ሰው ቃል ነው፤ «እሺ እንግዲህ» ግን የሚያደርገው ያጣ ሰው ነው የሚለው። ቅጹ የሚጠይቀው ደንበኛው መስማማቱን ነው፤ እኔም ተስማምቷል ብዬ ምልክት አደረግሁ።

ከዚያ የዝምታዋን 48 ሴኮንድ ከፈትኩ። በኛ ማዕከል ከድምፁ ጋር የኤጀንቱ ኮምፒውተር ስክሪን አብሮ ይቀረጻል፤ ይህ ለገምጋሚ ትልቅ ነገር ነው፤ ጆሮ የማይደርስበትን ዓይን ያየዋል። ልጅቷ የቅሬታ ዘርፎችን ዝርዝር ከፈተች። «በስህተት የተላከ ገንዘብ» የሚለውን መረጠች፤ ማለትም ትክክለኛውን አውቃዋለች። ቅጹ ተከፈተ። ሁለት ሦስት ቦታ ሞላች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች፤ ጠቋሚው ወዲያ ወዲህ አለ። ቀይ መልእክት ወጣ። ዘጋችውና «ልዩ ልዩ ቅሬታ» የሚለውን ከፈተች። እኔ እንደ ሥነ ሥርዓት ጉድለት የቆጠርኩት ዝምታ ጉዳዩ የተበላሸበት ቦታ ነበር።

እዚህ ላይ ገምጋሚ የሚሳሳትበት መንገድ አለ። የሆነውን አይቻለሁና ምክንያቱንም አውቄአለሁ ብሎ ማሰብ ነው። ቅጂው ምን እንደተደረገ ያሳያል፤ ለምን እንደተደረገ አያሳይም። «ቸልተኛ ናት» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር፤ «ሥልጠና ያስፈልጋታል» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሁለቱም ግምት ናቸው። እኔ በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ደቂቃውንና የተደረገውን ብቻ ነው፦ በ3 ደቂቃ ከ20 ላይ ትክክለኛውን ቅጽ ዘጋች። ቅጽል የሌለው ማስታወሻ ለውይይት ይጠቅማል፤ «ግድ የለሽ» የሚል ቃል ካለበት ግን ውይይቱ ገና ሳይጀመር ክርክር ይሆናል።

በማግስቱ አገኘኋት። ቦታው ከሥራ ጠረጴዛዋ ራቅ ያለች ትንሽ ክፍል ነች፤ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሄድፎን፣ 25 ደቂቃ። ነጥቡን አልነገርኳትም። ነጥብ አስቀድሞ ከተነገረ ሰው የሚያዳምጠው ነጥቡን ለመከላከል ነው። «ነይ አብረን እንስማው። የደወለው ሰው ምን ፈልጎ እንደደወለ ስትሰሚ አቁሚው» አልኳት።

በ1 ደቂቃ ከ12 ላይ አላቆመችም። ጥሪው እስኪያልቅ ሰማችው። ፊቷ ላይ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሚይዘው ሐፍረት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ሁሉም ኤጀንት የሚያሳልፈው የድምፁን ቀጭንነት ሲታዘብ ነው። ስለዚህ «አሁን ደግሞ የሱን ድምፅ ብቻ ስሚ፤ ያንቺን ተይው» አልኳትና እንደገና ከፈትነው። በዚህኛው «ሳያወጣው ያዙልኝ» የሚለው ላይ እጇ ቁልፉን ነካ። ጥቂት ቆየችና «ሰምቼው ነበር እኮ» አለች።

«ከዚያስ?» አልኳት። ይህን ብቻ ነው ያልኩት።

የነገረችኝ ይህ ነው። ትክክለኛው ቅጽ አሥራ አንድ ቦታ ይሞላበታል። ከነዚህ አንዱ የተቀባዩ ሙሉ ስም ነው። ገንዘብ ለማያውቀው ሰው የላከ ደንበኛ ስሙን ከየት ያውቃል? ቦታው ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አያስልፍም፤ ቀዩ መልእክት እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ባለፈው ወር ጥሪ ታስረዝሚያለሽ ተብላ ማስጠንቀቂያ ወስዳለች። አንድ ጥሪ በአማካይ ከ4 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ ሦስት ደቂቃ አልፏል። «ልዩ ልዩ» አራት ቦታ ብቻ ነው የሚሞላበት። ስለዚህ እሱን ከፈተች። ሰውየው ይረዳል ብላ ነው እንጂ ልታታልለው አይደለም።

እኔ ደግሞ ከነባሮቹ ኤጀንቶች ያወቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ የስም ቦታ «አይታወቅም» ብለው ይጽፉና ቅጹ ያልፋል። ይህ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ ከጎረቤት ወንበር ነው የሚለመደው። እሷ የተቀመጠችው አዲሶች ብቻ ባሉበት ረድፍ ነው።

የቀረውን ጊዜ በዚህ ላይ አዋልነው። ስለ ስንብቷ፣ ስለ ዝምታዋ፣ ስለ ሌላ ስለ ምንም አላነሳሁባትም። በአንድ ውይይት አንድ ነገር ከተለወጠ ብዙ ነው፤ አምስት ነገር የተነገረው ኤጀንት ወደ ወንበሩ የሚመለሰው ተወቅሻለሁ የሚለውን ስሜት ብቻ ይዞ ነው። እኔ ደንበኛ ሆንኩ፣ እሷ ኤጀንት፤ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። በመጀመሪያው «ቅሬታዎን እመዘግባለሁ» አለች። በሦስተኛው ግን «እሺ፣ ገንዘቡ እንዲታገድ አሁኑኑ እጠይቃለሁ፤ ቅጹን ስሞላ አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ» አለች። ልዩነቱ የቃና አይደለም። ሰውየው የጠየቀውን መልሳ ተናግራለታለች፣ ልታደርገው ያለውንም ነግራዋለች፣ ዝምታውም በዚያው ተሞልቷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ ጥሪዎቿን መርጬ አዳመጥኩ፤ ሦስቱም በትክክለኛው ዘርፍ ተመዝግበዋል። ይህ ክትትል ካልተደረገ የ25 ደቂቃው ውይይት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ከሥራው ውስጥ በቶሎ የሚዘለለውም እሱ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ጊዜ የለውም፣ ገምጋሚውም በወር መሙላት ያለበት የቅጽ ብዛት አለበት።

የጥሪዎቹ ብዛት ራሱ መታየት ያለበት ነው። አንድ ኤጀንት በቀን 70 ያህል ጥሪ ቢያነሳ፣ በወር 24 ቀን ቢሠራ 1,680 ጥሪ ነው። እኛ በወር የምንገመግመው 4 ነበር። ከ420 አንዱን ማለት ነው። ከአራቱ ሦስቱ 95 አግኝተው አንዱ በማንነት ማጣራት ስህተት ዜሮ ቢሆን የወሩ አማካይ 71 ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ያ ዓይነት ጥሪ ካልወጣለት 95 ያገኛል። ሰውየው ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው፤ የተለወጠው ዕጣው ነው። በዚህ ቁጥር ጉርሻ መስጠትና ሰውን በደረጃ መደርደር ፍትሕ የለውም ብዬ በሥራ ላይ እያለሁም ተናግሬአለሁ፤ ዛሬም አምንበታለሁ። አራት ጥሪ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ ለማወቅ ይበቃል። ማን ከማን እንደሚበልጥ ለመፍረድ ግን አይበቃም።

ነጥቡ በገምጋሚው ማንነትም ይለያያል። ያንን የደሴ ጥሪ በኋላ ለአምስት ገምጋሚዎች አሰማሁና እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ነጥብ እንዲሰጡ አደረግሁ። ይህን ዓይነቱን ማመሳከሪያ በወር አንድ ጊዜ ማድረግ የሙያው ልማድ ነው። ከ94 እስከ 71 ድረስ ሰጡ። የተለያዩት በአብዛኛው በአንድ መስመር ላይ ነው፦ «ርኅራኄ አሳይታለች»። አንደኛዋ «ይቅርታ ብላለች» ብላ ሙሉ ሰጠች። ሌላው «ይቅርታው የተጻፈ ንባብ ይመስላል» ብሎ ዜሮ ሰጠ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መስመሩ ነው የተበላሸው። በጆሮ ተሰምቶ አዎ ወይም አይደለም ሊባል የማይችል ነገር በቼክሊስት ላይ መግባት የለበትም። መስመሩን «ደንበኛው የጠየቀውን በራሷ ቃል መልሳ ተናግራለች» በሚል ተካነው። በሚቀጥለው ወር በዚህ መስመር ላይ የነበረው ልዩነት ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሌላም የቀየርነው መስመር ነበር። ቅጹ ከውጭ የመጣ ቅጽ ትርጉም ነውና «የደንበኛውን ስም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጠርታለች» ይል ነበር። በሌላ አገር ስም መጥራት ቅርበት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን አንዲት የሰባ ዓመት እናት ደውለው «ልጄ» እያሉ ሲያወሩ፣ ልጅቷ ነጥብ እንዳያመልጣት በየዓረፍተ ነገሩ ስማቸውን ብትጠራ እሳቸው ተደፈርኩ ነው የሚሉት። «እማማ» ያለች ኤጀንት ነጥብ ስትቀነስባት አይቻለሁ፤ ያንን ጥሪ እናቴ ብትሰማው ልጅቷን ትመርቃት ነበር። መስመሩ «እንደ ደንበኛው ዕድሜና አነጋገር በአክብሮት ጠርታለች» ተብሎ ተለወጠ። ያልፈታነውም ነበር። ደዋዩ በትግርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲናገር ቋንቋውን አብጠርጥሮ የማያውቅ ገምጋሚ የሚሰጠው ነጥብ ዋጋ የለውም፤ «እሺ እንግዲህ» ያለው ሰው በሌላ ቋንቋ ምን እንደሚል ያልገባው ሰው ጥሪውን አልሰማውም። ለዚህ የሚበቃ ገምጋሚ በየቋንቋው አልነበረንም።

ልጅቷን ካነጋገርኩ በኋላ ከሌሎች ኤጀንቶች አሥር ተመሳሳይ ጥሪዎችን አወጣሁ። አራቱ «ልዩ ልዩ ቅሬታ» ውስጥ ገብተው አገኘኋቸው። አንድ ሰው ሲሳሳት ጉዳዩ የሱ ሊሆን ይችላል፤ የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች በአንድ ቦታ ሲሳሳቱ ግን ቦታውን ማየት ይገባል። የአምስቱንም የስክሪን ቅጂ ይዤ ለሲስተም ክፍል ሄድኩ። የስሙ ቦታ ግዴታ መሆኑ እስኪቀር አንድ ወር ከአሥር ቀን ፈጀ። በቼክሊስቱ ላይ «ቅሬታውን መዝግባለች» የሚለው መስመር «ቅሬታውን በትክክለኛው ዘርፍ መዝግባለች» ተባለ፤ እሱ ከተሳተ ጥሪው ዜሮ ይሆናል። የስህተት ዝውውር ጥሪዎችም ከ4 ደቂቃው ልክ ውጭ እንዲቆጠሩ ተፈቀደ።

እርስዎም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎት ገና ስልኩ ላይ ሳሉ «በምን ዘርፍ ነው የመዘገብሽው?» ብለው ይጠይቁ፤ የቲኬት ቁጥሩን ብቻ ይዘው አይዝጉ። ሚስጥር ቁጥርዎን ግን ለማንም፣ ለኤጀንቷም ቢሆን አይናገሩ። ያላረካዎትን መልስ «እሺ እንግዲህ» ብለው አይለፉት፤ ያልፈለጉትን አልፈልግም ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ተቀርጿልና አንድ ቀን የሚሰማው ሰው ይኖራል።

የደሴው ሰው ጥያቄ በአራተኛው ቀን ለትክክለኛው ቡድን ደረሰ። ከ4,500 ብሩ በተቀባዩ ሂሳብ ውስጥ ተገኝቶ የተመለሰለት 310 ብር ነው።